ልቀበለው፣ ልተወው ወይስ እንደገና ልጻፈው? የሰዋስው ማረሚያ ሐሳባችሁን ሲቀይረው

የሰዋስው ማረሚያ ሲሳሳት ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው ዐይን ውስጥ የሚገባ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ይጣመማል፣ እናንተም ሳቅ ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ሁለተኛው ግን በቀላሉ አይታይም። የቀረበላችሁ ዐረፍተ ነገር ጥርት ያለ ነው። እንዲያውም እናንተ ከጻፋችሁት ይበልጥ ያምራል። ችግሩ እናንተ ያላላችሁትን ማለቱ ነው።

ይህ መመሪያ ስለ ሁለተኛው ነው። ማረሚያው አንድ ሐሳብ ሲያቀርብ ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ምርጫዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ መቀበል ወይም መተው። በእኔ እምነት ሦስተኛም አለ። ሁለቱንም ትቶ ዐረፍተ ነገሩን በራስ ቃል እንደገና መጻፍ። የትኛው መቼ እንደሚሻል ለማየት ከአንድ አጭር ማስታወሻ እንነሣ።

አንድ ማስታወሻ፣ ስድስት ለውጥ

ምሳሌውን ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ነው። አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ለአለቃው እንዲህ ሲል ይጽፋል፦

"የመጋዘኑ በር ሌሊት ተከፍቶ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ስንደርስ ጓጉንቸሩ ተሰብሮ አገኘነው። የጥበቃ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደዞሩ ተናግረዋል። የግቢው መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ካሜራውም አልቀረጸም። ከዕቃዎቹ ሦስት ሳጥን ጎድሏል።"

ጽሑፉን አስተካክሎ መልሶ የሚጽፍ ማረሚያ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እንዲህ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፦

"የመጋዘኑ በር ሌሊት ተከፍቷል። ጠዋት ስንደርስ ጓጉንቸሩን ተሰብሮ አገኘነው። የጥበቃ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ብቻ ዞሯል። የግቢው መብራት ስለጠፋ ካሜራው አልቀረጸም። ከዕቃዎቹ ሦስት ሳጥኖች ተሰርቀዋል።"

ሁለተኛው አጠር ይላል፤ ሲያነቡትም ይፈስሳል። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው "ይሄማ በጣም ተሻሽሏል" ብሎ ይልከዋል። አለቃው እጅ ሲደርስ ግን ማስታወሻው ሌላ ነገር ሆኗል። አንድ በአንድ እንየው።

"ተከፍቶ ሳይሆን አይቀርም" የሚለው "ተከፍቷል" ሆነ። ለማረሚያው የመጀመሪያው አባባል ሁለት አሉታ የተደራረበበት፣ የተንዛዛ አነጋገር ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን የግምት ልክ ነው። "ይመስለኛል፣ በብዛት ወደዚያ አደላለሁ፣ ግን በዐይኔ አላየሁም" ማለት ነው። ጸሐፊው የተሰበረ ጓጉንቸር አየ እንጂ የተከፈተ በር አላየም። አንድ ሰው ጓጉንቸሩን ሰብሮ፣ ኮቴ ሰምቶ፣ በሩን ሳይነካ ሮጦ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ የመጀመሪያው ጽሑፍ የሚያስወቅስ ነገር የለበትም። ሁለተኛው ግን ሐሰት ነው።

"ጓጉንቸሩ ተሰብሮ አገኘነው" የሚለው "ጓጉንቸሩን" ተባለ። ይህ ትክክል ነው። የተገኘው ነገር ተሳቢ ስለሆነ "ን" ይፈልጋል። ጸሐፊው ሊል ከፈለገው ነገር ቅንጣት አልተነካም። ይቀበለው።

ሦስተኛው ለውጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አጥፍቷል። "እንደዞሩ ተናግረዋል" ሲል ጸሐፊው የሰውየውን ቃል እያስተላለፈ ነበር። "ዞሯል" ሲል ግን ራሱ ምስክር ሆነ። ጥበቃው አንዴም ሳይዞሩ "ሁለት ጊዜ" ብለው ቢሆንስ? የመጀመሪያው አሁንም እውነት ነው፤ እንደዚያ ብለዋልና። ሁለተኛው ከውሸቱ ጋር አብሮ ይወድቃል። ከዚህ ሌላ አንቱታው ጠፋ። ማረሚያው "ሠራተኛው" የሚል ነጠላ ስምና "ተናግረዋል" የሚል የብዙ ግሥ ሲያይ የቁጥር አለመስማማት ይመስለዋል። "አባቴ መጡ" የሚለውን "አባቴ መጣ" ብሎ የሚያርምም ከዚሁ ነው። ይህን ዓይነቱን ሐሳብ ያለ ብዙ ማሰላሰል መተው ይቻላል። አክብሮትም የመልእክቱ አካል ነው።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው። ምክንያቱም ምንም የጎደለ አይመስልም። "መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ካሜራውም አልቀረጸም" ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። "ም" የምትለው ትንሽ ፊደል "ይሄም ተጨምሮ" ትላለች እንጂ አንዱ ሌላውን አመጣው አትልም። "ስለጠፋ" ግን ምክንያት ፈጠረ። ካሜራው ማኅደረ ትውስታው ሞልቶ ከርሞ ሊሆን ይችላል። አለቃው አዲሱን ጽሑፍ ካነበበ ኤሌክትሪሻን ይጠራል፣ መብራቱ ይሠራል፣ ካሜራውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

"ሦስት ሳጥን" ወይስ "ሦስት ሳጥኖች"? ሁለቱም አማርኛ ነው። ከቁጥር በኋላ ነጠላውን መጠቀም ያለና የኖረ ነው። መቀበልም መተውም ይቻላል። እኔ የምተወው ስለማይጠቅም ነው። ያልተበላሸ ነገር መጠገን ጸሐፊውን ብቻ ያደክማል።

የመጨረሻው፣ "ጎድሏል" የሚለው "ተሰርቀዋል" ሆነ። ማረሚያው የተሰበረ ጓጉንቸርና የጎደለ ሳጥን በአንድ አንቀጽ ሲያይ እንዲህ ባሉ ጽሑፎች ውስጥ የሚመጣውን ቃል አመጣ። ሳጥኖቹ ግን ባለፈው ቆጠራ ተሳስተው ተመዝግበው ሊሆን ይችላል። "ጎድሏል" የቆጠራ ውጤት ነው። "ተሰርቀዋል" ክስ ነው።

ከስድስቱ ልቀበል የምለው አንዱን ብቻ ነው። አንዱ ምንም አይለውጥም። አራቱ ይተዋሉ።

አንዱን ጥያቄ መያዝ

ከላይ በየለውጡ ላይ ደጋግሜ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። የእኔ ዐረፍተ ነገር እውነት ሆኖ፣ የማረሚያው ሐሰት የሚሆንበት ሁኔታ አለ? አንድ እንኳ ካገኛችሁ ትርጉሙ ተቀይሯል ማለት ነው። ጥያቄው በተቃራኒውም ይሠራል። የማረሚያው እውነት ሆኖ የእኔ ሐሰት የሚሆንበት ሁኔታ ካለም እንዲሁ። ሁኔታው የግድ የሆነ ነገር መሆን የለበትም። ሊሆን የሚችል መሆኑ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ "የትኛው ይሻላል?" የሚል። ለጆሮ የሚጥመው ከሆነ ማረሚያው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። የሠለጠነው በተለመደ አነጋገር ነውና። የማያውቀው የሆነውን ነገር ነው። በሩን ያየው ሰው እናንተ ናችሁ።

ሁኔታ መፈለግ ከከበዳችሁ አራት ቦታ ላይ እዩ። ማን እንዳደረገው፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ፣ ምን ያህሉን እንደሚመለከት፣ ነገሮቹ እንዴት እንደተያያዙ። ለአማርኛ ጽሑፍ ከእነዚህ ሁለተኛው ላይ ጥብቅ እንድትሆኑ እመክራለሁ። "ሊሆን ይችላል"፣ "ይመስላል"፣ "ሳይሆን አይቀርም"፣ "ነው የሚባለው" የሚሉት ሁሉ የተለያየ ክብደት አላቸው። የመጨረሻው እንዲያውም ግምት አይደለም፤ የሰው ወሬ ነው። ማረሚያው ግን ሁሉንም "ማሳጠር የሚቻል" በሚል አንድ ዕቃ ውስጥ ይከታቸዋል።

ብዛቱ ላይ ደግሞ "ብቻ" የምትለውን ቃል ጠብቁ። "ቢሮው ሰኞ ብቻ ለደንበኞች ክፍት ነው" እና "ቢሮው ሰኞ ለደንበኞች ብቻ ክፍት ነው" ቃላቸው አንድ ነው። የመጀመሪያውን ያነበበ ደንበኛ ማክሰኞ አይመጣም። ሁለተኛውን ያነበበ ማክሰኞ ሊመጣ ይችላል።

የለውጡ ትንሽነትም እንዳያታልላችሁ። "ሰነድ አልደረሰኝም" ማለት ምንም አልመጣልኝም ማለት ነው። "ሰነዱ አልደረሰኝም" ካላችሁ ግን የምንነጋገርበት የታወቀ ሰነድ አለ፤ ሌላው ደርሶ ሊሆን ይችላል። የተቀየረው የአንድ ፊደል ቅርጽ ነው። በተቃራኒው አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተገልብጦ ትርጉሙ ሳይነካ ሊቀር ይችላል።

የትኛው መሣሪያ፣ ምን ዓይነት አደጋ?

ሁሉም ማረሚያ በአንድ መንገድ አይሳሳትም። ከየትኛው ጋር እንደምትሠሩ ካወቃችሁ ምን እንደምትጠብቁ ታውቃላችሁ።

ሆሄ ማረሚያ መዝገበ ቃላት ይዞ የሚቀመጥ ነው። ቃሉን ካላገኘው በፊደል አቀማመጥ ቅርብ የሆነውን ያቀርባል። ትርጉም አያውቅም። የታወቀው ምሳሌ ኩፐርቲኖ ነው። አንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝኛ ሆሄ ማረሚያዎች ትብብር ማለት ከሆነው "cooperation" የሚያውቁት መሐሉ ላይ ሰረዝ ያለበትን "co-operation" ብቻ ነበር። ያለ ሰረዝ ሲጻፍ በካሊፎርኒያ ያለችውን የኩፐርቲኖ ከተማ ስም ያቀርቡ ነበር። ጸሐፊዎችም ይቀበሉታል። በዚህ የተነሣ የከተማይቱ ስም በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሰነዶች ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል። ይሄኛው ቢያንስ ያስቃል። የአማርኛው አያስቅም። "አከራይ" እና "ተከራይ" የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። "ይከፍላል" እና "ይከፈላል"ም እንደዚያው። ሁሉም ትክክለኛ ቃል ናቸው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ሲተካ ቀዩ መስመር አይመጣም። የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሲሆን ይብሳል። ግምቱን ሳታዩት ይዛችሁት ልትሄዱ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ዓይነት በተጻፈ ሕግ የሚሠራ ነው። "ነጠላ ባለቤት ከሆነ ነጠላ ግሥ" የሚል ሕግ አለው፤ ካልተስማማ ያሰምርበታል። ጥሩ ጎኑ ለምን እንዳሰመረ መናገሩ ነው። ሕጉ አንቱታን የማያውቅ ከሆነ በየገጹ ያው ስሕተት ይመጣል። አንዴ ከለያችሁት ያንን ሕግ ማጥፋት ነው። ከሦስቱ ለመልመድ የሚቀለው ይሄ ነው።

ሦስተኛው የቋንቋ ሞዴል ነው። ዐረፍተ ነገሩን ወይም አንቀጹን ሙሉ በሙሉ መልሶ ይጽፋል። የመጋዘኑን ማስታወሻ የሚለውጠው እሱ ነው። ሥራው ለቦታው ይበልጥ የሚገባ የሚመስለውን ቃል ማስከተል ስለሆነ ያልተለመደ ግን ትክክል የሆነ አነጋገር ወደ ተለመደው ይሳባል። ከስሕተቱ በላይ የማረም ጠባይ አለው። የሆሄ ግድፈት አርምልኝ ብላችሁት እግረ መንገዱን ቅፅል ሊጥል፣ "ስለዚህ" ሊጨምር ይችላል። ለዚህኛው ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ጥሩ ጸሐፊ ስለሆነ ነው።

በዚህ ሙያ የሚመራመሩ ሰዎችም የተሳሳተ እርማትንና ያልታየን ስሕተት እኩል አይመዝኑም። በ2013 ኮንል በተባለው የሰዋስው ማረሚያዎች ውድድር ላይ ለትክክለኛነት፣ ማለትም ከእርማቶቹ ስንቱ ልክ እንደሆነ፣ እና ለሽፋን፣ ማለትም ከስሕተቶቹ ስንቱ እንደተገኘ፣ እኩል ክብደት ተሰጥቶ ነበር። በ2014 ግን መለኪያው ተቀይሮ ትክክለኛነት የሽፋንን ሁለት እጥፍ እንዲመዝን ሆነ። በቀላሉ ሲነገር፣ ደህናውን ነገር "አረምኩ" ብሎ ማበላሸት ስሕተት ሳያዩ ከማለፍ የከፋ ነው ተባለ። እናንተም ብትጠራጠሩ ወደ መተው አድሉ። ያለፈ የፊደል ግድፈት አንባቢው ራሱ አርሞ ያነበዋል። የተቀየረ ትርጉምን ግን ሊያርመው አይችልም፤ ዋናውን አላየውማ።

ሦስተኛው ምርጫ መቼ ይሻላል?

አንዳንዴ ማረሚያው የሚያቀርበው ስሕተት ሆኖ ሳለ ምልክቱ ግን ልክ ነው። የጻፋችሁትን በሌላ መንገድ አንብቦታል። እሱ ካነበበው ሰውም ሊያነበው ይችላል።

ይህን ምሳሌ እዩ። "ኮሚቴው ሰኞ ይሰማል።" ማረሚያው "ኮሚቴው ሰኞ ቅሬታ ያዳምጣል" ብሎ ቢያቃናው ምን ታደርጋላችሁ? የእናንተ ሐሳብ ኮሚቴው ራሱ ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል የሚል ነበር እንበል። የቀረበው እርማት ፍጹም ተቃራኒው ነው። ዳኛውንና ተጠያቂውን አቀያይሯል። መቀበል አይቻልም። ነገር ግን ትቶ ማለፍም አያዋጣም። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። "ይሰማል" ሲላላ ሰሚው ኮሚቴው ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ የሚደመጠው እሱ ነው። በአፍ ሲነገር ግልጽ ነው። ወረቀት ላይ አንባቢው ይገምታል። ስለዚህ "ኮሚቴው ሰኞ ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል" ብላችሁ ጻፉትና ሁለቱንም ተገላገሉ።

"ሁሉም አልመጡም" የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። ማንም አልመጣም ማለት ነው? ወይስ የመጡም የቀሩም አሉ? ማረሚያው "ማንም አልመጣም" ካለ አንዱን መርጦላችኋል። እናንተ ግን የቀሩት ስንት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። "ከዐሥሩ አራቱ አልመጡም" ብትሉ ነገሩ አለቀ።

ሁለቱን ምርጫዎች የምለየው እንዲህ ነው። የማረሚያውን ንባብ ያነበበ ሰው "እንዴት እንዲህ ተረዳው?" የሚያሰኝ ከሆነ እተወዋለሁ። "ለካ እንዲህም ይነበባል" የሚያሰኝ ከሆነ እንደገና እጽፈዋለሁ። የመጋዘኑ ማስታወሻ ላይ "ጎድሏል" የሚለው ለማንም ግልጽ ነው። "ተሰርቀዋል" የመጣው ከማረሚያው ግምት ነው፤ ስለዚህ መተው። የ"ይሰማል" ግን የእኛው ጣጣ ነው።

አንድ የማልወደው ልማድ አለ። ማረሚያው የሰጠውን ዐረፍተ ነገር ተቀብሎ እዚያው ላይ መለጠፍ። "ተከፍቷል" የሚለውን ተቀብሎ ፊቱ ላይ "ምናልባት" መጨመር። የሚወጣው ነገር ከሁለቱም የባሰ ይሆናል። "ምናልባት ተከፍቷል" ከ"ሳይሆን አይቀርም" የላላ ነው፤ ግምታችሁ ወርዷል። እንደገና ስትጽፉ ከራሳችሁ ሐሳብ ተነሡ።

ለውጡን ማየት መቻል

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለውጡን ካያችሁት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ራሱ የሚተካውን አሠራር አጥፉት። ያስምር፣ ይጠቁም፤ ግን በራሱ እጅ አይቀይር። የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ Auto-correction በሚል ስም ሊገኝ ይችላል። ጥቆማውን እንዳለ ትታችሁ መተካቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል።

ሙሉ አንቀጽ መልሶ ከሚጽፍ መሣሪያ የመጣውን ጽሑፍ ደግሞ በፍጹም በዐይን ብቻ አታወዳድሩ። ዐይን የለሰለሰውን ይዘላል። "ካሜራውም" "ካሜራው" መሆኑን በሁለተኛው ንባብ እንኳ ላታዩት ትችላላችሁ። ሁለቱን በተለያየ ፋይል አስቀምጡና ዎርድ ላይ Review ውስጥ ያለውን Compare ተጠቀሙ። ጉግል ዶክስ ላይ Tools ውስጥ Compare documents ይባላል። የተቀየረው ሁሉ ተሰምሮ ይመጣላችኋል። የተሰመረው ከግማሽ በላይ ከሆነ አንድ በአንድ አትልፉት። ወደ ራሳችሁ ጽሑፍ ተመልሳችሁ የሆሄ ግድፈቱን ብቻ ልቀሙ። ያ ይፈጥናል።

ወደ መልሶ ጸሐፊው ጭራሽ የማላስገባቸው ነገሮችም አሉ። የሰው ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ ከሆነ አይነካም። ሰውየው ሰዋስው ቢያበላሽም ያለው እንደዚያ ነው። የውል አንቀጽም እንዲሁ። "ይችላል" እና "አለበት" መሐል ገንዘብና ግዴታ አለ። የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የማሽን አጠቃቀም፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ መመሪያ ውስጥም "ካደረቃችሁ በኋላ" የሚለው "ስታደርቁ" ቢሆን የሚበላሽ ነገር አለ። እነዚህ ላይ ሆሄ ማረሚያ ይበቃል።

ጽሑፉ ከእናንተ በኋላ በሌላ ሰው እጅ የሚያልፍ ከሆነስ? ብዙ ቦታ ላይ የሚበላሸው እዚህ ነው። እናንተ የተዋችሁትን እርማት ባልደረባችሁ በቅን ልቡና ተቀብሎ ይልከዋል። እሱ በሩን አላየም፣ ጥበቃውንም አላናገረም። "ሳይሆን አይቀርም" ለእሱ የተንዛዛ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትልኩለት የማይነኩትን ቦታዎች ጥቀሱለት። የመጋዘኑን ማስታወሻ የጻፈው ሰው በሰነዱ ጠርዝ ላይ እንዲህ ቢያስቀምጥ ይበቃዋል፦ "መጀመሪያው ላይ ያለው ግምት ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም። የጥበቃው ቃል የራሳቸው ነው። መብራቱና ካሜራው ይያያዙ አይያያዙ ገና አልታየም። ሳጥኖቹ ጎደሉ እንጂ ተሰረቁ አላልኩም።"